ሁለት ፊደል በአንድ ገጽ፦ አማርኛና እንግሊዝኛ የተቀላቀለበትን ወረቀት ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ



ባለፈው ዓመት ለአዲስ ተማሪዎች የተዘጋጀውን የማጠናከሪያ ትምህርት ማስታወቂያ የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። በእጅ የተጻፈው ወረቀት ሰዓቱን በአማርኛ «8፡00 ሰዓት»፣ በእንግሊዝኛ ደግሞ «2:00 p.m.» ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ወረቀቱን ወደ ኮምፒውተር የገለበጠው ወንድማችን ግን ሁለቱ ቁጥሮች አልገጥም አሉትና፣ ስህተት ያረመ መስሎት የአማርኛውንም «2፡00 ሰዓት» አደረገው። በማግስቱ አንዳንዶቹ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መጥተው የተዘጋ በር ጠበቃቸው። ከማስታወቂያው ግርጌ የነበረው የመመዝገቢያ ሊንክም አልከፈት አለ። ምክንያቱ ሲፈለግ የተገኘው አንድ ምልክት ነው። ከ `https` ቀጥሎ መሆን የነበረበት የእንግሊዝኛው ሁለት ነጥብ ቀርቶ የአማርኛው (፡) ገብቶበታል። በዓይን ሲያዩት ምንም ልዩነት የለውም። ኮምፒውተሩ ግን አድራሻ መሆኑን አላወቀም።

ዘንድሮ በካርቶን ውስጥ የቆዩትን የጀማዓችንን ቃለ ጉባኤዎችና የሂሳብ ወረቀቶች ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት ብዙዎቻችሁ ስለተመዘገባችሁ፣ እንዲህ ያለው ስህተት ከየት እንደሚመጣና እንዴት እንደሚያዝ በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ከታች ያለው ገጽ እኔ ለልምምድ ያዘጋጀሁት ነው። ይዘቱ የእውነት አይደለም፣ አጻጻፉ ግን በካርቶኑ ውስጥ ከምታገኟቸው ጋር አንድ ዓይነት ነው።

```
ቀን፦ ሐሙስ ጥቅምት ፭ ቀን ፲፱፻፺፮ ዓ.ም.
Date: Thursday, 16 October 2003
ስብሰባው የተጀመረው ከቀኑ 11፡30 ላይ ነው።
ሀ) የኢፍጣር ዝግጅት፤ ቴምር 120 kg፣ በኪሎ 8.50 ብር፣
   ድምር 1,020.00 ብር።
ለ) የዐረፋ በዓል፤ የአዳራሽ ጥያቄ የሚቀርበው
   ለ Dean of Students፣ Room 012።
Letter must be recieved before 5:00 p.m.; two copies.
```

ኪቦርዱን ከመንካታችሁ በፊት ገጹን ከላይ እስከ ታች አንብቡት። በፎቶኮፒው ላይ (በዋናው ወረቀት ላይ አይደለም) እንግሊዝኛ የሆነውን ሁሉ በእርሳስ ክበቡ፣ ከቁጥሮቹ ስር መስመር አስምሩ። ይህ ሁለት ደቂቃ ቢወስድ ነው። ጥቅሙ ደግሞ ኪቦርዱን ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የምትቀይሩበት ቦታ አስቀድሞ መታወቁ ነው። ስህተቱ የሚገባው ሁልጊዜ በዚያ ድንበር ላይ ነው፤ ወይ ሳይቀይሩ ይቀራሉ፣ ወይ ከቀየሩ በኋላ መመለሱን ይረሳሉ።

ምልክቱ የማን ነው?

በተቀላቀለ ገጽ ላይ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ከፊቱ ያለውን ቃል አይቶ ምልክቱን መምረጥ ነው። ቃሉ እንግሊዝኛ ከሆነ የእንግሊዝኛ ነጠላ ሰረዝ፣ አማርኛ ከሆነ የአማርኛ። ይህ አያስኬድም። ምልክቱ የዓረፍተ ነገሩ እንጂ የቃሉ አይደለም።

«ለ» የሚለውን ተራ ተመልከቱ። የመጨረሻዎቹ ቃላት በሙሉ በእንግሊዝኛ ፊደል ናቸው፣ የመጨረሻው ደግሞ ቁጥር ነው። ነገር ግን ዓረፍተ ነገሩ የአማርኛ ነው፤ የክፍሉ ቁጥርና የቢሮው ስም በውስጡ እንግዳ ሆነው ገቡ እንጂ ቤቱ የአማርኛ ነው። ስለዚህ በመካከላቸው ያለው ሰረዝ «፣» ነው፣ መዝጊያውም አራት ነጥብ ነው። በ«ሀ» ላይም `kg` ከተባለ በኋላ የመጣው ሰረዝ በዚሁ ምክንያት የአማርኛ ነው። የመጨረሻው መስመር ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንግሊዝኛ ስለሆነ የሰዓቱ ሁለት ነጥብም፣ ከዚያ በኋላ ያለው ድርብ ምልክትም፣ መዝጊያዋ ነጥብም የእንግሊዝኛ ናቸው።

ከዚህ ደንብ የሚወጡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው በምህጻረ ቃል ውስጥ ያለ ነጥብ ነው። «ዓ.ም.» ሙሉ በሙሉ አማርኛ ቢሆንም በውስጡ ያሉት ነጠላ ነጥቦች ከእንግሊዝኛው ኪቦርድ የሚገኙት ናቸው፤ አማርኛ ለዚህ የተለየ ምልክት የለውም። አንዳንዱ ወረቀት «ዓ/ም» ይላል። እንደዚያ ካለ እንደዚያው ይገልበጥ፣ ወደምትወዱት አትለውጡት። ሁለተኛው በቁጥር ውስጥ ያለ ምልክት ነው፣ እሱም ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል።

ኮማ የምትበላው ሂሳብ

«1,020.00» በአማርኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው። ሺህን የምትለየው ኮማ ግን የቁጥሩ አካል እንጂ የዓረፍተ ነገሩ ሥርዓተ ነጥብ አይደለችም። ስለዚህ የእንግሊዝኛዋ ኮማ ሆና ትቀራለች። ችግሩ ያለው ኪቦርዱ ላይ ነው። ብዙዎቹ የአማርኛ መጻፊያዎች የኮማዋን ቁልፍ ስትጫኑ «፣» ይሰጧችኋል። ኪቦርዱን ሳትቀይሩ ቁጥሩን ከጻፋችሁ የሚወጣው «1፣020.00» ነው። ያነበበው ሰው «አንድ፣ ከዚያ ሃያ» ብሎ ሊያነበው ይችላል። ኤክሴል ውስጥ ብትለጥፉት ደግሞ ቁጥር መሆኑን ስለማያውቅ እንደ ጽሑፍ ይይዘውና ድምር ውስጥ አያስገባውም።

ይህን በዓይን መለየት ይቻላል። ኤክሴል ቁጥርን ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍን ወደ ግራ ያስጠጋል። የሂሳብ ወረቀት ገልብጣችሁ በአንድ ዓምድ ውስጥ ካሉት መጠኖች ሁለት ሦስቱ ወደ ግራ ተጠግተው ካያችኋቸው፣ መጀመሪያ ኮማቸውን ተመልከቱ። ሌላው ማረጋገጫ ሂሳቡ ራሱ ነው። 120 ኪሎ በ8.50 ሲባዛ 1,020 ይመጣል፣ ስለዚህ ሦስቱም ቁጥሮች በትክክል ተነብበዋል ማለት ነው። ቀለሙ በደበዘዘ ፎቶኮፒ 8.50 እና 3.50 ይመሳሰላሉ። ማባዛቱ ግን ይለያቸዋል፤ በ3.50 ቢሆን 420 ብር ብቻ ነበር የሚሆነው።

ሂሳቡ በወረቀቱ ላይ ራሱ ተሳስቶ ከተገኘስ? ያኔ እንዳለ ይገለበጣል፣ ከጎኑ በማዕዘን ቅንፍ [እንዲህ ተጽፏል] ይባላል። ከ20 ዓመት በፊት የተፈረመበትን ድምር ዛሬ ማስተካከል የእኛ ሥራ አይደለም። ልክ እንደዚሁ በመጨረሻው መስመር ላይ ያለው `recieved` የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ሆሄያቱ ስህተት ነው፣ የ`e` እና የ`i` ቦታ ተለዋውጧል። ወረቀቱ ላይ እንዲያ ስላለ እንዲያው ይቀመጣል። እዚህ ላይ የምትጠነቀቁት ከማይክሮሶፍት ወርድ ነው። ይህንን ቃል ጽፋችሁ ክፍት ቦታ ስትሰጡ ሳይጠይቃችሁ ያርመዋል። ወዲያው `Ctrl+Z` አንዴ ብትጫኑ ቃሉ እንደጻፋችሁት ይመለሳል።

የግዕዝ አኃዝ በግዕዝ አኃዝ

የመጀመሪያው መስመር ቀኑን በግዕዝ አኃዝ ይጽፋል። ከዚያ በታች ያሉት ቁጥሮች ደግሞ የተለመዱት ናቸው። ሁለቱም እንዳሉ ይቆያሉ። «ለአንባቢ እንዲቀል» ብላችሁ ፲፱፻፺፮ን ወደ 1996 ብትለውጡ ይዘቱ ያው ነው፣ ነገር ግን ገጹን አልገለበጣችሁትም፤ አዲስ ገጽ ነው የጻፋችሁት።

አንዳንዶቻችን ይህን አኃዝ ከትምህርት ቤት ወዲህ አልጻፍነውም። የሚያሳስተው ነገር ይኸ ነው። የግዕዝ አኃዝ ዜሮ የለውም፣ ቁጥሩም እንደ 1996 በቦታ ቅደም ተከተል ብቻ አይሠራም። ለአስር (፲)፣ ለሃያ (፳)፣ እስከ ዘጠና (፺) ድረስ፣ ለመቶም (፻) የየራሱ ምልክት አለው። ፲፱፻፺፮ የሚነበበው «አስራ ዘጠኝ መቶ፣ ዘጠና ስድስት» ተብሎ ነው። ፲ እና ፱ አስራ ዘጠኝ ናቸው፣ ፻ መቶ ያደርጋቸዋል፣ ፺ እና ፮ ዘጠና ስድስት ናቸው። የለመደ ጣት ግን 1996ን በየአሃዱ ተርጉሞ ፩፱፱፮ ብሎ ይጽፋል። ያ ምንም ቁጥር አይደለም። በምትገለብጡት ዓመት ውስጥ ፻ ከሌለ አንድ ነገር ጎድሏል ብላችሁ ወደ ወረቀቱ ተመለሱ።

ከአኃዙ ላይና ታች ያሉት አግዳሚ መስመሮች የፊደሉ አካል ናቸው፣ ፎንቱ ራሱ ያመጣቸዋል። ከቁጥር በታች ማስመሪያውን ተጠቅሞ ለመሥራት የሞከረ አይቻለሁ፤ አድካሚም ነው፣ ጽሑፉ ወደ ቴሌግራም ሲገለበጥም መስመሩ ላይከተለው ይችላል። ኪቦርዳችሁ ላይ አኃዙን ማግኘት ካልቻላችሁ በወርድ ውስጥ `1369` ጽፋችሁ `Alt+X` ተጫኑ፣ ፩ ይሆናል። ከዚያ በቅደም ተከተል ይሄዳል፦ `136D` ፭ን፣ `136E` ፮ን፣ `1371` ፱ን፣ `1372` ፲ን፣ `137A` ፺ን፣ `137B` ፻ን ይሰጣል። ኮዱን ከመጻፋችሁ በፊት ክፍት ቦታ ስጡ። ያለዚያ ከፊቱ ካለው ቁጥር ጋር ተጣብቆ ሌላ ምልክት ያመጣል።

በደበዘዘ ወረቀት ላይ ፮ እና ፯ ሊምታቱባችሁ ይችላሉ። እዚህ ላይ ሁለት ቋንቋ መኖሩ ይጠቅማችኋል፣ የእንግሊዝኛው መስመር ለአማርኛው ምስክር ነውና። ከመስከረም እስከ የፈረንጆች አዲስ ዓመት ድረስ በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት 7 ዓመት ነው፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ይሆናል። ጥቅምት ከመጀመሪያው ክፍል ነው። 2003 ሲቀነስ 7፣ 1996። ስለዚህ የመጨረሻው አኃዝ ፮ ነው፣ ፯ አይደለም።

በዚሁ መስመር ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የዘንድሮን የቀን መቁጠሪያ አውጥታችሁ ጥቅምት 5 በፈረንጅ ስንት እንደሆነ ብታዩ፣ አብዛኛውን ዓመት የምታገኙት ኦክቶበር 15 ነው። ወረቀቱ ግን 16 ይላል። የተሳሳተው ወረቀቱ ነው? አይደለም። 1995 ጳጉሜን ስድስት ቀን የነበራት ዓመት ናት። ስለዚህ የ1996 መስከረም 1 የዋለው በሴፕቴምበር 12 ነው፤ ከዚያ ጀምሮ እስከ ፌብሩዋሪ 29 ድረስ ቀኖቹ በአንድ ይገፋሉ። ቀኑም ሐሙስ መሆኑ በሁለቱም መስመር ላይ ተጽፏል። «አረምኩት» ብሎ 15 ያደረገ ሰው ትክክለኛውን ገጽ አበላሸ ማለት ነው። (በካርቶኑ ውስጥ ካሉት አንዳንዶቹ የሂጅራውንም ቀን ይጨምራሉ። እሱ ሦስተኛ ምስክር ነው፣ ነገር ግን በጨረቃ መታየት አንድ ቀን ሊለያይ ስለሚችል አንድ ቀን ቢዛነፍ አትደንግጡ።)

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። «ከቀኑ 11፡30» በእንግሊዝኛው አቆጣጠር 5:30 p.m. ነው። በመጨረሻው መስመር ላይ ያለው 5:00 p.m. ደግሞ በእኛ 11 ሰዓት ነው። አንዱ የስብሰባ ሰዓት፣ ሌላው ደብዳቤ የሚገባበት ሰዓት ነው፤ በየቋንቋቸው በየአቆጣጠራቸው ይቀመጣሉ። በአማርኛው ያለው ምልክት ወረቀቱ ላይ እንዳለው «፡» ነው፣ በእንግሊዝኛው `:` ነው። በእጅ ጽሑፍ ላይ ሁለቱም ሁለት ነጥብ ስለሆኑ በዓይን አይለዩም፤ ስለዚህ የሚወስነው እንደገና ዓረፍተ ነገሩ ነው። ሊንክና ኢሜይል ግን የትም ቢገቡ፣ በአማርኛ ዓረፍተ ነገር መሃል ቢሆኑም፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእንግሊዝኛ ኪቦርድ ነው የሚጻፉት። ከአድራሻው በኋላ አራት ነጥብ ካለ ደግሞ በመካከላቸው ክፍት ቦታ ስጡ። አንዳንድ ስልክ አራት ነጥቡን የአድራሻው ጭራ አድርጎ ይወስደዋል። ገጹን እንዳለ እንገልብጥ ካልነው ውስጥ እኔ ሆን ብዬ የምተላለፈው ይህንን ብቻ ነው።

ዐይኑ «ዐ» እና ዜሮ

ይህ እኛን ከሌላው ይበልጥ ይመለከተናል፣ ምክንያቱም ጽሑፎቻችን ውስጥ «ዐ» በብዛት ይገባል። ዐረፋ፣ ዐሹራ፣ ዐሊ፣ ዐብዱላህ፣ ሰ.ዐ.ወ.። ፊደሏ ክብ ናት። ዜሮም ክብ ነው፣ የእንግሊዝኛው ትልቁ `O`ም ክብ ነው። ኪቦርዱ ላይ ዐን ማግኘት ያቃተው ሰው ዜሮ ይጫንና ያልፋል፤ ከምስል ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩ ፕሮግራሞችም ይህንኑ ይሳሳታሉ። ታትሞ ሲወጣ ማንም አያውቀውም።

የሚታወቀው ሲፈለግ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የአባላት ስም ዝርዝር በፊደል ተራ ሲደረደር ስድስት ሰዎች ከ«ሀ» በፊት፣ ከዝርዝሩ ራስ ላይ ተቀምጠው ተገኙ። ሁሉም ስማቸው በዐ የሚጀምር ነበር፣ ሁሉም በዜሮ ተጽፈው ነበር። ኮምፒውተር ቁጥርን ከፊደል በፊት ይደረድራል። ከዚያ በፊት ከነዚሁ ውስጥ አንዷ እህት የመታወቂያ ዝርዝር ላይ ስሟ ተፈልጎ «የለሽም» ተብላ ተመልሳለች። ስሟ ግን እዚያው ነበር።

መለያው ቀላል ነው። በወርድ ውስጥ `Ctrl+F` ከፍታችሁ ዜሮ ፈልጉ። በእኛ ገጽ 12 ዜሮዎች ይገኛሉ፣ ሁሉም በቁጥሮች ውስጥ ናቸው። 13ኛ ከመጣ፣ በተለይም ከጎኑ የአማርኛ ፊደል ካለ፣ እሱ ዐ መሆን ነበረበት። አንዱን ፊደል ብቻ ለመመርመር ደግሞ ከፊደሉ ቀጥሎ ጠቋሚውን አቁማችሁ `Alt+X` ተጫኑ። እውነተኛዋ ዐ ወደ `12D0` ትቀየራለች። በ`Ctrl+Z` መልሷት።

ይህን ስታደርጉ ሌላ ፈተና ይመጣል። ወረቀቱ አንድ ቦታ «ዐረፋ»፣ ሌላ ቦታ «አረፋ»፣ በሦስተኛው «ዓረፋ» ብሎ ሊሆን ይችላል። አንድ ወጥ ለማድረግ አትሞክሩ። ዜሮውን ወደ ዐ መመለስ ወረቀቱ ያለውን መጻፍ ነው፤ አረፋን ወደ ዐረፋ መቀየር ግን ጸሐፊውን ማረም ነው። ለፍለጋ የሚያስቸግር ከሆነ በፋይሉ መጀመሪያ ላይ የተለያዩትን አጻጻፎች በአንድ መስመር መዘርዘር ይበቃል።

ሲያልቅ የሚደረግ ፍተሻ

ገጹን ጽፋችሁ ስትጨርሱ ወዲያው አታንብቡት። የገዛ ጽሑፉን የሚያነብ ሰው የሚያየው የጻፈውን ሳይሆን ያሰበውን ነው። ይልቅ ምልክቶቹን አንድ በአንድ በ`Ctrl+F` ፈልጓቸው። ከእንግሊዝኛው ሁለት ነጥብ ጀምሩ። በእኛ ገጽ ሁለት ብቻ መኖር አለባቸው፣ `Date` ከሚለው በኋላና በ`5:00` ውስጥ። ሦስተኛ ከተገኘ ምናልባት በ11፡30 ውስጥ የገባ ነው። ከዚያ የእንግሊዝኛዋን ኮማ ፈልጉ፤ እሷም ሁለት ናት፣ ከሐሙስ እንግሊዝኛ ስም በኋላና በ1,020.00 ውስጥ። በመቀጠል የአማርኛው «፣» ሦስት፣ «፤» ሁለት፣ «።» ሦስት፣ «፦» አንድ፣ «፡» አንድ። በወረቀቱ ላይ በእርሳስ ከቆጠራችሁት ጋር ካልተስማማ፣ ልዩነቱ የት እንዳለ ፍለጋው ራሱ ያሳያችኋል።

አራት ነጥቡን ስትፈልጉ ሦስቱን ካላገኛችሁ አትደነቁ። ብዙ ሰው ሁለት ነጥብን ሁለቴ በመጫን «፡፡» ብሎ ይጽፋል፣ ወይም የእንግሊዝኛውን `::` ይጠቀማል። ሦስቱም በወረቀት ላይ ሲታዩ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ግን የተለያዩ ናቸው። አንደኛው ችግር ፍለጋው ነው። ሌላው ደግሞ ጥንዶቹ ነጥቦች መስመር ጫፍ ላይ ሲደርሱ ሊለያዩ መቻላቸው ነው፤ አንዱ እላይ ይቀርና ሌላው በሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ላይ ብቻውን ይቆማል። እንዲህ ያለ ብቸኛ ሁለት ነጥብ በመስመር መጀመሪያ ላይ ካያችሁ በፋይሉ ውስጥ ያሉት አራት ነጥቦች የውሸት ናቸው።

እነዚህን በአንድ ጊዜ ወደ «።» መለወጥ ትችላላችሁ። በወርድ `Ctrl+H` ከፍታችሁ «፡፡»ን ፈልጎ በ«።» እንዲተካ ማድረግ ነው፣ ከዚያ ለ`::` መድገም። (የኮምፒውተር ሳይንስ ወንድሞች፣ በገጹ ውስጥ ሲ ፕላስ ፕላስ ኮድ ካለ ሁለተኛውን አታድርጉ።) ነጠላውን `:` ግን በፍጹም በአንድ ጊዜ እንዳትተኩ። የእንግሊዝኛውን ሰዓትም ሊንኩንም አብሮ ይወስዳል፤ በመግቢያዬ ላይ ያነሳሁት ሊንክ የተበላሸውም በዚሁ መንገድ ነው። እሱ አንድ በአንድ እየታየ ነው የሚለወጠው።

የመጨረሻው ነገር ወረቀት ሳይሆን የቆየ ፋይል ያገኛችሁ እንደሆነ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከዚያ በኋላም ለዓመታት ሰው በድሮዎቹ ፎንቶች ሲጽፍ ቆይቷል። በእነሱ የተጻፈ ጽሑፍ ለኮምፒውተሩ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ነው፤ አማርኛ የሚመስለው ፎንቱ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ከፍታችሁ ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደል ክምር ካያችሁ ፋይሉ አልተበላሸም፣ ፎንቱ ነው የጎደለው። ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ፣ ነገር ግን ሙሉ ገጹን አትስጧቸው። እውነተኛ እንግሊዝኛ የሆነውንም ክፍል አማርኛ ነው ብለው ይቀይሩታል፣ `Dean of Students` የነበረው የማይነበብ የፊደል ድርድር ሆኖ ይወጣል። በወርድ ውስጥ አንዱን የአማርኛ ቃል ምረጡና `Select Text with Similar Formatting` የሚለውን ተጠቀሙ። በዚያው ፎንትና ቅርጽ የተጻፈው ብቻ ይመረጣል። መጠኑ ወይም ድምቀቱ የተለየውን፣ ለምሳሌ ርዕሱን፣ ለብቻው ትመርጣላችሁ። የመረጣችሁትን ቀይራችሁ ወደ ቦታው መልሱ። ቁጥሮቹን ግን ከዚያ በኋላም ከታተመው ቅጂ ጋር አስተያዩ፤ አንዳንዶቹ የድሮ ፎንቶች የተለመዱትን ቁጥሮች ቁልፍ ለሌላ ፊደል ስለተጠቀሙበት፣ ስልክ ቁጥርና ብር በቅያሪው ጊዜ ሊለወጡ ይችላሉ።